ሽሮ ለመሸጥ ስንት ሃሽታግ ይበቃል?

*ጤና ይስጥልኝ። ገርጂ አካባቢ ባልትና እያዘጋጀሁ በኦንላይን እሸጣለሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ። ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና የቴሌግራም ቻናል አለኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚያዙም አሉ። የእህቴ ልጅ «30 ሃሽታግ ሳታደርጊ እንዳትለጥፊ» ይለኛል። አንዷ ደንበኛዬ «ሃሽታግ ድሮ ቀረ፣ ተይው» አለችኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ኮሜንት ውስጥ አድርጊው ይላል። የመጨረሻ ፖስቴን ከነሃሽታጉ ልኬልዎታለሁ። ስንት ላድርግ? የትኞቹን? የት ላይ? ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።*

*የባልትናዋ፣ ከገርጂ*

እህቴ፣ የላክሽውን ፖስት በደንብ አየሁት። ፎቶው ጥሩ ነው፣ የሽሮው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶውን አንነካውም። የምንነካው ከስሩ ያለውን ነው።

መጀመሪያ መልሱን ልስጥሽ፣ ምክንያቱ ይከተላል። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሃሽታግ ይበቃሻል። ሁሉም ስለ ዕቃው ወይም ዕቃውን ስለሚፈልገው ሰው የሚናገሩ ይሁኑ። ቦታቸው ካፕሽኑ መጨረሻ ላይ ነው እንጂ ኮሜንት ውስጥ አይደለም። ቴሌግራም ላይ የሃሽታግ ሥራ ሌላ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

የእህትሽ ልጅ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ኢንስታግራም ለዓመታት በአንድ ፖስት እስከ 30 ሃሽታግ ይፈቅድ ነበር። ያኔ ሰው ሃሽታግ ከፍቶ ፎቶ ያይ ነበር፤ ሃሽታጉን ራሱን እንደ ገጽ የሚከተልም ነበር። ብዙ የደረደረ ብዙ ቦታ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ኢንስታግራም ራሱ ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል ብሎ መከረ። በ2024 መጨረሻ ሃሽታግ መከተል የሚባለውን ነገር አስቀረው። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ጣሪያውን ወደ አምስት ማውረዱን አስታወቀ። ቲክቶክም በዚያው ዓመት አምስት ላይ ገድቦታል። ስለዚህ የልጁ ምክር ጊዜው ያለፈበት ነው።

ደንበኛሽም ግማሽ እውነት ይዛለች። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ ሃሽታግ ፖስትሽን ከወትሮው ለበለጠ ሰው እንደማያደርስ ደጋግሞ ተናግሯል። ይህ ማለት ግን ሃሽታግ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ሥራው ተለወጠ እንጂ። ዛሬ ሃሽታግ የሚያገለግለው ፖስቱ ስለምን እንደሆነ ለመንገር ነው፣ ለመተግበሪያውም ለፈላጊውም። ጓዳሽ ውስጥ ያሉትን ብልቃጦች አስቢ። «ሚጥሚጣ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ብልቃጥ ሲፈለግ ይገኛል። ሃያ ስም የተለጠፈበት ብልቃጥ ግን ሳይከፈት ምን እንደያዘ አይታወቅም።

አሁን ያንቺን ፖስት እንይ። ከደረደርሻቸው ውስጥ #love፣ #instagood፣ #viral፣ #fyp፣ #foodie፣ #ethiopia፣ #habesha፣ #addisababa ይገኙበታል። መሀል ላይ #ሽሮ እና #በርበሬ አሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ #shiro እና #berbere አሉ።

የመጀመሪያዎቹን አራቱን ያለምንም ማመንታት አውጫቸው። #fyp ብሎ መጻፍ ቪዲዮን የሰው ስክሪን ላይ አያወጣም። ሁሉም ሰው በሁሉም ዓይነት ቪዲዮ ላይ ስለሚጽፈው ስለ ሽሮሽ የሚናገረው ነገር የለም። #love እና #viralም እንደዚያው ናቸው። ሽሮ ለመግዛት አስቦ #love ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም።

#ethiopia እና #habesha የተሻሉ ይመስላሉ። ገብተሽ እዪያቸው ግን። ሠርግ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ የሀገር ልብስ አለ፣ ዜና አለ፣ ፖለቲካ አለ። ያንቺ የሽሮ ፎቶ እዚያ ውስጥ ቢገባ በምን ዕድል ይታያል? ቢታይስ የሚያየው ሰው የመጣው ለሽሮ ነው ወይ? ታግ ስትመርጪ ይህን ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። ይህን ቃል የሚጽፍ ሰው ምን ሊያገኝ ፈልጎ ነው የሚጽፈው? መልሱ «ሽሮ» ወይም «የጾም ምግብ» ካልሆነ ታጉ ያንቺ አይደለም።

ወደ #shiro እና #berbere እንምጣ፣ እዚህ ላይ ብዙ የባልትና ሻጮች ይሳሳታሉ። ስሙ የኛ ምግብ ስም ስለሆነ ታጉም የኛ ይመስላል። #shiro ብለሽ ክፈቺና እዪ። የጃፓን ድመትና ውሻ፣ የጃፓን ግንብ፣ የጃፓን መዋቢያ ይመጣል። «ሺሮ» በጃፓንኛ ነጭ ማለት ነው፣ በሌላ አጻጻፍ ደግሞ ግንብ ማለት ነው፤ ሰዎች ለነጭ ድመታቸውና ውሻቸውም በስምነት ያወጡታል። #berbere ደግሞ ፈረንሳዮች በርበር ለሚሏቸው የሰሜን አፍሪካ ሕዝቦች የሚጽፉት ቃል ስለሆነ የሞሮኮ ምንጣፍና ጌጣጌጥ ይቀላቀልበታል። ያንቺ በርበሬ ምንጣፍ መሀል ይገባል ማለት ነው። በላቲን ፊደል መጻፍ ካስፈለገሽ #shirowat ወይም #ethiopianfood ይሻላል። የመጀመሪያውን የሚጽፍ ሰው ወጡን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰፊ ቢሆንም ቢያንስ ምግብ ነው።

የላቲን ታግ ጨርሶ አውጪ የማልልሽ ለአሜሪካ ደንበኞችሽ ስል ነው። እዚያ የተወለዱት ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ ቢሰሙም ብዙዎቹ በፊደላችን አይጽፉም፣ ስልካቸው ላይም የአማርኛ ኪቦርድ የለም። ስለዚህ ከአምስቱ አንዱ የላቲን ይሁን። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉትን ለመድረስ #dmv ብለው የሚጽፉ አሉ፣ አልመክርሽም። የአካባቢው ሰው ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን በአንድ ላይ እንደዚያ ይጠራል። ነገር ግን በአሜሪካ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱም የሚጠራው በዚያው ሦስት ፊደል ነው።

ታግ ከመጠቀምሽ በፊት ክፈቺው የምለው ለሌላም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዲጆርኖ የተባለ የአሜሪካ ፒዛ አምራች በትዊተር በብዛት ሲወራበት ያየውን #WhyIStayed የሚል ታግ አንስቶ ስለ ፒዛ ቀለደበት። ታጉ ግን ሴቶች ከሚደበድቧቸው ባሎች ጋር ለምን እንደቆዩ የሚናገሩበት ነበር። ድርጅቱ ወዲያው አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሳያነብ መለጠፉንም አመነ። እኛም ሀገር አንድ ሰሞን የሚጦዝ ታግ ሲነሳ ዕቃቸውን ከስሩ የሚለጥፉ ሻጮች አሉ። ታጉ ሐዘን ይሁን ዘመቻ ሳያጣሩ። ገዢው ይህን አይረሳም።

አሁን ወደ አማርኛው ታግ ልግባ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ፤ ከውጭ የተገለበጡ ምክሮች ይህን አያውቁትም።

አንደኛ፣ ሃሽታግ ክፍተት ላይ ይቆማል። አንቺ «#ምጥን ሽሮ» ብለሽ ጽፈሻል። ፖስትሽን አሁኑኑ ክፈቺና ቀለሙን እዪ። ሰማያዊ የሆነው «#ምጥን» ብቻ ነው። «ሽሮ» የሚለው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል። ታግሽ «ምጥን» ሆነ ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ማንም አይፈልገውም። ተራ ሰረዝ ወይም ሁለት ነጥብ ብታስገቢም እዚያው ይቆረጣል። መፍትሔው ወይ ማጣበቅ ነው፣ #ምጥንሽሮ፣ ወይ ከታች የሚሰመረውን ሰረዝ መጠቀም ነው፣ #ምጥን_ሽሮ። ሁለቱ ግን አንድ ታግ አይደሉም፤ አንዱን የከፈተ ሌላውን አያይም። የትኛው ይሻላል ካልሽ ካፕሽን ላይ # ብለሽ መጻፍ ስትጀምሪ ከስሩ ዝርዝር ይመጣል፣ ከእያንዳንዱ ጎን የፖስት ብዛት አለ። ሰው የሚጠቀምበትን ከዚያ ትለያለሽ። ለሱቅሽ ስም ግን በሰረዝ የተከፈለው ይሻላል። በላቲን የሚጽፉት ቃሉ የሚጀምርበትን በትልቅ ፊደል ይለዩታል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ሦስት ቃል ሲጣበቅ ለማንበብ ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ሞክሼ ፊደላት። ለኛ ጾም እና ፆም አንድ ናቸው። ለመተግበሪያው ግን #የጾምምግብ እና #የፆምምግብ ሁለት የማይተዋወቁ ታጎች ናቸው። ዐቢይ ጾም የሚለውን ደግሞ አስቢው። ዐቢይ፣ ዓቢይ፣ አቢይ እየተባለ ይጻፋል፤ ጾም በሁለት ዓይነት። ስድስት አጻጻፍ መጣ። ሽሮም አንዳንዱ ሽሮ፣ አንዳንዱ ሺሮ ይለዋል። ያንቺ ደንበኛ በየትኛው እንደሚፈልግሽ በእርግጠኝነት አታውቂም።

ሁሉንም ልደርድር ካልሽ አምስቱ ቦታ በአንድ ቃል ያልቃል። እኔ የምመክርሽ እንዲህ ነው። በካፕሽኑ ጽሑፍ ውስጥ ትክክለኛውን አጻጻፍ ተጠቀሚ፣ «ለጾም» ብለሽ በጸሎቱ ጸ። ከታች በታጉ ላይ ደግሞ ሕዝቡ በብዛት የሚጽፈውን አድርጊ። ኢንስታግራም ሲፈለግ ታጉን ብቻ ሳይሆን የካፕሽኑንም ቃላት ስለሚያይ በዚህ መንገድ ሁለቱንም አጻጻፍ ትይዣለሽ። የሱቅሽን ስም በተመለከተ ግን አንድ አጻጻፍ ምረጪና እስከ መጨረሻው አትለውጪው። ማሸጊያው ላይ፣ ታጉ ላይ፣ ቻናሉ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቃሎቻችን ከፊትም ከኋላም ይቀጥላሉ። አንቺ «ለ#ጾም የሚሆን #ሽሮአችንን ይዘዙን» ብለሽ ጽፈሻል። የመጀመሪያው ላይ «ለ» ከ# ጋር ስለተጣበቀ በብዙ ቦታ ታግ ሆኖ አይወጣም። ሁለተኛው ታግ ሆኗል፣ ግን ታጉ «ሽሮአችንን» ነው። ሽሮ የሚፈልግ ሰው «ሽሮአችንን» ብሎ አይፈልግም። በእንግሊዝኛ ቃሉ ባለበት # ቢቀጠልበት አረፍተ ነገሩ አይበላሽም። በአማርኛ ግን ወይ ታጉ ይበላሻል ወይ አረፍተ ነገሩ ይጎረብጣል። አማርኛ ታግ አረፍተ ነገር መሀል አታስገቢ የምለው ለዚህ ነው። ጽሑፍሽን እንደ ሰው ጻፊ፣ ጨርሺ፣ አንድ መስመር ዝለይ፣ ከዚያ ታጎቹን በመሠረታዊ መልካቸው ደርድሪ።

ኮሜንት ውስጥ አድርጊው ያለሽ ሰው ካፕሽኑ ንጹሕ እንዲሆን አስቦ ነው። ለ30 ታግ ምክሩ ያስኬድ ነበር። አሁን ግን አራት አምስት ታግ ካፕሽን አያቆሽሽም። ኢንስታግራምም ስለ ፍለጋ ባወጣው ማብራሪያ ቃላቱና ሃሽታጎቹ ኮሜንት ውስጥ ሳይሆን ካፕሽን ውስጥ ይሁኑ ብሏል። ከላይ አታድርጊያቸው እንጂ። ስልክ ላይ ካፕሽንሽ ሙሉ ለሙሉ አይታይም፣ ወደ 125 ፊደል ገደማ ከታየ በኋላ ይታጠፋል። ሰው ተጭኖ ካልከፈተው የሚያነበው ያችን ብቻ ነው። በአማርኛ 125 ፊደል ብዙ ነገር ይናገራል፣ በታግ አታባክኚው። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚደርስ እዚያ ውስጥ ይግባ።

ያንቺን ፖስት እንዲህ አድርጌ ብጽፈው፦

> ለዐቢይ ጾም ምጥን ሽሮ አዘጋጅተናል። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ የተመጠነ። ከ1 ኪሎ ጀምሮ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ እናመጣለን።
>
> ለመንገደኛም አሽገን እንሰጣለን። ለማዘዝ ከታች ባለው ስልክ ይደውሉ።
>
> #ምጥንሽሮ #የፆምምግብ #ባልትና #shirowat #የሱቅሽ_ስም

ዋጋውን አንቺ ታውቂያለሽና መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጨምሪበት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ነገር ባትለምጂው ደስ ይለኛል፣ ገዢውን ያሸሻል።

አምስቱ ለምን እነዚህ ሆኑ? #ምጥንሽሮ ዕቃው ራሱ ነው። «ሽሮ» ብቻ ቢሆን የሬስቶራንት ተጋቢኖም፣ የምግብ አሠራርም ይቀላቀልበታል። ምጥን ሽሮ ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ዱቄቱን የሚፈልግ ሰው ነው። #የፆምምግብ ወቅቱ ነው። ከጾሙ ውጭ ይህን ታግ አውጪና በቦታው ሌላ አስገቢ። በርበሬ የሚዘጋጅበት ሰሞን ሲሆን ስለ በርበሬ ይሁን። #ባልትና ዘርፉ ነው፤ ከፍተሽ ስታዪው እንዳንቺ ያሉ ሻጮችና ገዢዎቻቸው ያሉበት ቦታ ነው። #shirowat በላቲን ለሚፈልጉት ነው። የመጨረሻው የራስሽ ነው። እሱን ዛሬ ማንም አይፈልገውም። ነገር ግን ደንበኛ ወጡን ሠርቶ ፎቶ ሲለጥፍ እንዲጽፈው ማሸጊያው ላይ አትሚው። ከማተምሽ በፊት ሌላ ሱቅ እንዳልያዘው ታጉን ከፍተሽ አረጋግጪ።

#አዲስአበባ የት ሄደ ትዪ ይሆናል። አላስፈለገም። ፖስት ስታደርጊ ቦታ የሚጨመርበት አለ፣ እዚያ ላይ ገርጂን ወይም አዲስ አበባን ምረጪ። ቦታው ተነገረ፣ አንድ ታግም ተረፈሽ። በከተማው ስም የተጻፈው ታግ ውስጥ የትራፊክ ወሬና የሕንፃ ፎቶ ስለሚበዛ ብዙም አይቀርብሽም።

የታግ መጠን ያስጨንቃል፣ መልሱ ግን ቀላል ነው። ሚሊዮን ፖስት ያለው ታግ ውስጥ ያንቺ ወዲያው ይሰጥማል። በአማርኛ ግን ታጎች ትንንሽ ስለሆኑ ጥቂት መቶ ፖስት ያለውን አትናቂ። ቁጥሩን ሳይሆን የፖስቶቹን ቀን እዪ። ሰሞኑን የተለጠፈ ካለ ሕይወት አለው። የመጨረሻው ከሁለት ዓመት በፊት ከሆነ ሰው የለበትም። ከፍተሽው ፖስቶቹ ተደብቀው ካገኘሽ ደግሞ ታጉ ደንብ የጣሰ ነገር በዝቶበት ተገድቧል ማለት ነውና ራቂው።

ቲክቶክ ላይ ያው አምስቱ ይሠራሉ። እዚያ ከታጉ ይልቅ ቪዲዮው ላይ የምትጽፊውና የምትናገሪው ቃል ይበልጣል። «ምጥን ሽሮ» የሚለውን በአፍሽ ተናገሪው፣ ስክሪኑም ላይ ጻፊው። ፌስቡክ ላይ አንድ ሁለት ከበቂ በላይ ነው፣ ብዙም አትልፊበት።

ቴሌግራም ላይ ግን ሃሽታግ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ገዢዎችሽም በብዛት ያሉት እዚያ ይመስለኛል። ቻናልሽ ውስጥ #በርበሬ የሚለውን የተጫነ ሰው ቻናልሽ ላይ ያን ታግ የያዙትን ፖስቶች ሁሉ ተደርድረው ያገኛል። እዚህ ላይ ታጉ አዲስ ሰው መሳቢያ አይደለም፤ ያለሽን ደንበኛ ሳይደክም ወደ ዕቃው የሚወስድ ማውጫ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት አንድ ታግ ብቻ ይኑርሽ። #ሽሮ፣ #በርበሬ፣ #ሚጥሚጣ፣ #በሶ። አንድ ፖስት ላይ አንድ ታግ፣ ግፋ ቢል ሁለት። ከዚያ ሁሉንም የሚዘረዝር አንድ መልእክት ጻፊና ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጊው። «የሚፈልጉትን ይጫኑ» በይና ከስሩ ታጎቹን እያንዳንዳቸውን በየመስመሩ አስቀምጪ።

ቻናልሽ ላይ ያየሁት ችግር የታግ መለዋወጥ ነው። በአንድ ወር ውስጥ #በርበሬ፣ #በርበሬችን፣ #የበርበሬ እና #በርበሬ_አለ ጽፈሻል። አንዱን የተጫነ ደንበኛ የቀሩትን ሦስቱን አያያቸውም። የቆዩትን ፖስቶች ግቢና አርሚያቸው። ቻናል ላይ የራስሽን ፖስት ማረም ትችያለሽ፣ ሥራው የአንድ ቁጭታ ነው።

ሌላ ችግር ደግሞ ይኸው ነው። ደንበኛው #በርበሬ ሲል የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የዓምናውም ዋጋ አብሮ ይመጣለታል። ከዚያ «በዚህ ዋጋ ብላችሁ አልነበር?» ብሎ ክርክር ይነሳል። ስለዚህ ዋጋ ሲለወጥ አሮጌው ፖስት ላይ ዋጋውን አስተካክዪው፣ ካልሆነ ታጉን አውጪበት። ታግ የሌለው አሮጌ ፖስት ቻናሉ ላይ ይቀመጣል፣ ግን ማውጫው ውስጥ አይወጣም።

ፖስትሽ ወደ ግሩፕ ሲላክም አንድ ነገር አስተውዪ። ግሩፕ ውስጥ ታጉን የሚጫን ሰው የግሩፑን ፍለጋ ሊያገኝ ይችላል፣ ያንቺን ቻናል ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከታጉ ጎን ሁልጊዜ የቻናልሽን ስም በ@ ጻፊ። ብዙ ሻጮች ይህን ይረሱና ፖስታቸው በየግሩፑ ሲዞር ገዢው የማን እንደሆነ ሳያውቅ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ይሥራ አይሥራ በምን ታውቂያለሽ? ኢንስታግራምሽን ወደ ፕሮፌሽናል አካውንት ከቀየርሽው ከእያንዳንዱ ፖስት ስር Insights የሚል አለ። እዚያ ላይ ካዩት ሰዎች ምን ያህሉ ተከታዮችሽ እንደሆኑ፣ ምን ያህሉ እንዳልሆኑ ይለይልሻል። ጠቅላላውን ቁጥር ትተሽ ተከታይ ያልሆኑትን እዪ፣ ፈልጎ የመጣ አዲስ ሰው ያለው እነሱ ውስጥ ነውና። ለማነጻጸር ያንኑ ምጥን ሽሮ በተቀራራቢ ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ሳምንታት ለጥፊ። ፎቶውና ጽሑፉ ይመሳሰሉ፣ ታጎቹን ብቻ ለውጪ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከለወጥሽ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አታውቂም። አንድ ፖስት አይቶ መወሰንም አይገባም። አንዳንድ ቀን ያለምክንያት ይቀዘቅዛል፣ አንዳንድ ቀን ያለምክንያት ይሞቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማምነው መለኪያ ግን ስልኩ ነው። አዲስ ሰው ሲደውል «የት አገኙን?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱን ደብተር ላይ ጻፊ። «ምጥን ሽሮ ብዬ ፈልጌ» ያለሽ ሰው ካለ የጻፈበትን አጻጻፍ ጭምር ጠይቂው። በሽ ይሁን በሺ፣ ተጣብቆ ይሁን ተለያይቶ። በቀጣዩ ፖስት ላይ የምታደርጊው እሱን ነው።

ጾሙን በተመለከተ ከመግቢያው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለሽ ጀምሪ። የቤት እመቤት ሽሮዋን የምታዘጋጀው ጾሙ ከገባ በኋላ አይደለም። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ መሀል ላይ ያለቀባትም ትኖራለችና #የፆምምግብ የሚለውን እስከ ሰሙነ ሕማማት አታውጪው። በፋሲካ ማግስት ግን በቦታው ለሚጥሚጣሽ የሚሆነውን አስገቢ።